ከደጃፍ እስከ መኝታ ቤት፦ የቤት ማስጎብኛ ቪዲዮ እንዴት ይደረደራል?

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ ቤት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በስልክ ነው። ደላላው በቴሌግራም ይልካል፣ ባለቤቱ ቲክቶክ ላይ ይለቃል፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ገዢ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ ከፍቶ ያያል። እዚሁ ከተማ ያለ ሰው ቪዲዮው ግራ ቢያጋባው በነጋታው ሄዶ ቤቱን በዓይኑ ያያል። ባሕር ማዶ ያለው ግን እንዲያ ማድረግ አይችልም። ወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ ሄደህ እይልኝ ብሎ ከማስቸገሩ በፊት ስለ ቤቱ የሚያውቀው በዚያች አንድ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያየውን ብቻ ነው።

ከእነዚህ ቪዲዮዎች አንዱን እስከ መጨረሻው አይታችሁ ወረቀትና እርሳስ አንሡና ቤቱን ለመሳል ሞክሩ። ሳሎኑ ሰፊ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የሻወሩ ሴራሚክ ነጭ እንደሆነም አልረሳችሁም። ግን ሻወሩ ከሳሎኑ በየት በኩል ነው? ወጥ ቤቱ ለመግቢያው ይቀርባል ወይስ ለመኝታ ቤቶቹ? ልጆች የሚተኙበት ክፍል ከወላጆች ክፍል ጎን ነው ወይስ ሳሎኑን ተሻግሮ? ብዙ ጊዜ መልስ አታገኙም። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ታይተዋል፣ ቤቱ ግን አልታየም።

እኔ የቤት ማስጎብኛ ቪዲዮን የምመዝነው በዚህ ነው። አይቶ የጨረሰ ሰው የቤቱን ንድፍ በግርድፉም ቢሆን መሳል ከቻለ ቪዲዮው ሥራውን ሠርቷል። ካልቻለ ግን ቀረጻው ያማረ፣ ሙዚቃውም የጣመ ቢሆን ገዢው የሚፈልገውን አላገኘም። መሳል መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው ካሜራው ሳይሆን ክሊፖቹና ፎቶዎቹ የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ነው።

ሰው የተቆራረጡ ምስሎችን ተከታትለው ሲያይ ሳይታወቀው ያገናኛቸዋል። ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ይህን ከመቶ ዓመት በፊት በሙከራ አሳይቶታል። ሞስኮ ውስጥ በተለያየ ቦታ የቀረጻቸውን ሰዎች ሲራመዱና ሲገናኙ እያሳየ፣ መሐል ላይ የዋሽንግተኑን ዋይት ሀውስ ምስል ቀጠለበት። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ሰዎቹም ሕንጻውም አንድ ሠፈር ውስጥ ያሉ መሰሉ። ለፊልም ሠሪ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በሌለ ከተማ ውስጥ ታሪክ መሥራት ያስችለዋል። ለቤት ሻጭ ግን አደጋው እዚሁ ላይ ነው። ክሊፖቹን ያለ ሥርዓት ብትቀጥሏቸው ተመልካቹ አላገናኝም ብሎ አይተወውም፤ በራሱ መንገድ ያገናኛቸዋል። በአእምሮው የሚሠራው ቤትም የትም የሌለ ቤት ይሆናል። በኋላ የላከው ዘመድ በአካል ሄዶ ሲያይ «በቪዲዮው እንዲህ አልነበረም» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ማንም ሳይዋሽ።

ነገሩን በአንድ ቤት እንየው። ሰሚት አካባቢ፣ ጂ+4 ሕንጻ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ቤቱን በስልክ ቀርጾ የላከልኝ ልጃቸው ነው። የላከው 11 ክሊፕና 9 ፎቶ ነው። ፎቶዎቹ በመጀመሪያ የመጡት በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ስለነበር ተጨምቀው ወርዳቸው 1280 ፒክስል ሆኖ ነበር። የቪዲዮው ወርድ 1920 ፒክስል ስለሆነ እንዲህ ያለው ፎቶ ተለጥጦ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል እንዲልክልኝ ጠየቅሁትና ስልኩ ያነሣው እንዳለ፣ ከ4000 ፒክስል በላይ ወርድ ይዞ መጣ። ከሰው ላይ ፎቶ የሚሰበስብ ሁሉ ከምንም በፊት ይህን ቢጠይቅ በኋላ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ቤቱ እንዲህ ነው። ደረጃውን ወጥታችሁ፣ መተላለፊያውን አልፋችሁ በሩን ስትከፍቱ በቀጥታ ሳሎን ትገባላችሁ። ፊት ለፊታችሁ ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ አለ። በግራችሁ የወጥ ቤቱ በር ነው። በቀኛችሁ አጭር ኮሪደር ይጀምራል። ኮሪደሩን ይዛችሁ ስትሄዱ በቀኝ ሻወሩ፣ በግራ ትንሹ መኝታ ቤት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ትልቁ መኝታ ቤት ነው። ትልቁ መኝታ ቤት የሕንጻው ጥግ ላይ ስለሆነ እሱም ወደ ምሥራቅ መስኮት አለው። ግቢው ውስጥ ያለችው ጃካራንዳ ከበረንዳውም ከዚህ መስኮትም ትታያለች።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ኤዲቲንጉን በካፕካትም ሥሩት በሌላ፣ ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊት ንድፉ ከጎናችሁ ይኑር። እያንዳንዱ ክሊፕ ከየት ቆሞ ወዴት እንደተቀረጸ በቀስት አመልክቱበት። በዚህ ቤት ቀስቶቹን ስጨርስ ሁለት ነገር ወዲያው ታየኝ። አንደኛ፣ ከወጥ ቤቱ ወጥቶ ሳሎኑን ወደ ኮሪደሩ የሚሻገር ክሊፕ የለም። ሁለተኛ፣ ሳሎኑ ሁለት ጊዜ ተቀርጿል፤ አንዱ ከመግቢያው በር ወደ በረንዳው፣ ሌላው ከበረንዳው ወደ መግቢያው በር። ሁለቱም የሚያምሩ ክሊፖች ናቸው፤ ቪዲዮውን ሊያበላሹ የሚችሉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከበሩ ስትገቡ ሶፋው በቀኝ ግድግዳ፣ የወጥ ቤቱ በር በግራ ነው። ከበረንዳው ዞራችሁ ስታዩ ሶፋው በግራ፣ የወጥ ቤቱ በር በቀኝ ይሆናል። ሁለቱ ክሊፖች ጎን ለጎን ቢቀጠሉ ተመልካቹ በቅጽበት ግራና ቀኙ ይገለበጥበታል። አንዳንዱ «ቤቱ ሁለት ሳሎን አለው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። የፊልም ሰዎች ካሜራው ከአንድ ምናባዊ መሥመር ወዲያና ወዲህ በድንገት እንዳይዘል የሚጠነቀቁት ለዚሁ ነው።

አንዱን ክሊፕ መጣል ቀላሉ መፍትሔ ነበር። ግን ሁለተኛው ክሊፕ ገዢ የሚፈልገውን ነገር ይዟል፤ በአንድ ዕይታ መግቢያው፣ ወጥ ቤቱና ኮሪደሩ የሚታዩት ከዚያ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው በረንዳውን አስገባሁት። ተመልካቹ ከበሩ ገብቶ ሳሎኑን እያየ ወደ በረንዳው ይሄዳል፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ጃካራንዳዋን ያያል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ቤቱ ይመለከታል። ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ወደ በሩ እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ግራና ቀኙ ቢለዋወጥም አይደናገርም። ክሊፖቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው መሐላቸው የገባው የስድስት ሰከንድ መንገድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ። አንዳንድ ኤዲተሮች የአቅጣጫ ችግር ሲገጥማቸው ክሊፑን እንደ መስተዋት ይገለብጡታል። ግራው ቀኝ ይሆንና ቅጥሉ ያለችግር ይፈሳል። ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። በር የሌለበት ግድግዳ ላይ በር አላችሁ ማለት ነው። ሰዎችም ይደርሱበታል፤ የተገለበጠ የግድግዳ ሰዓት ወይም ፍሪጁ ላይ ያለ ጽሑፍ ያጋልጣል።

ከወጥ ቤቱ ወደ ኮሪደሩ የሚያሻግረው ክሊፕ ጉዳይ በሌላ መንገድ ተፈታ። ልጁ ከላካቸው 11 ክሊፖች የመጨረሻው ቤቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የዞረበት ረጅም ክሊፕ ነበር። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እንዳለ የሚታይ አልነበረም። ግን ውስጡ ከወጥ ቤቱ በር ወደ ኮሪደሩ የሚሻገርባት ሦስት ሰከንድ አለች። እሷን ቆርጬ በፕሮግራሙ ማረጋጊያ አስተካከልኳት። ማረጋጊያው የምስሉን ዳር ዳር ቆርጦ ስለሚያስቀር ምስሉ ትንሽ ይጠብባል፤ ለሦስት ሰከንድ መሻገሪያ ግን ይበቃል። እንዲህ ያሉ አጫጭር መሻገሪያዎች ራሳቸው የሚያምር ነገር አያሳዩም። ብዙ ሰው ቀራጭ ሆኖ ሲነሣ አይቀርጻቸውም፣ ኤዲት ሲያደርግ ደግሞ ቀድሞ የሚጥለው እነሱን ነው። ነገር ግን ክፍልን ከክፍል የሚያያይዙት እነሱ ናቸው። ወጥ ቤት ውስጥ የነበረ ተመልካች በአንዴ ሻወር ውስጥ ቢገኝ ሻወሩ ከወጥ ቤቱ ጎን ይመስለዋል።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንምጣ። የተለመደው አሠራር ክሊፖቹን ካስጨረሱ በኋላ ፎቶዎቹን መጨረሻ ላይ እንደ ተራ ማግተልተል ነው። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ ጉብኝቱን ጨርሶ ወጥቷል፤ የቁም ሳጥን ፎቶ ስታሳዩት የየትኛው ክፍል እንደሆነ አያውቅም። ፎቶ ቦታው ክፍሉ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ክፍሉን በክሊፕ ታሳያላችሁ፣ ከዚያ ካሜራው ሊያቆምበት ያልቻለውን ዝርዝር በፎቶ ትከተላላችሁ። በዚህ ቤት የወጥ ቤቱ ክሊፕ እንዳለቀ የካቢኔው ፎቶ፣ ከዚያ የውሃ ሮቶው ፎቶ ገባ። የቆጣሪው ፎቶ ያለው ከበሩ ውጭ ስለሆነ ገና ሳንገባ መተላለፊያው ላይ አስቀመጥኩት። ሻወሩን ያሳየሁት በፎቶ ብቻ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ካሜራ የሚንቀሳቀስበት ቦታ የለም፤ የተላከው ክሊፕም ከጣሪያ ወደ ወለል እየተወናጨፈ ነበር። ለጠባብ ክፍል የቆመ ፎቶ ሁልጊዜ ከተወናጨፈ ክሊፕ ይሻላል።

ፎቶ በቪዲዮ መሐል ሲገባ ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቅርጽ ነው። የስልክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 4 በ3 ነው፤ ቪዲዮው 16 በ9 ከሆነ ፎቶው ስክሪኑን ሞልቶ እንዲቀመጥ ከቁመቱ ሩቡ መቆረጥ አለበት። ፕሮግራሙ ከላይም ከታችም እኩል ይቆርጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ እገፋውና ጣሪያው እንዲቀነስ፣ ወለሉ እንዲተርፍ አደርጋለሁ። ተመልካች የክፍሉን ስፋት የሚገምተው ከወለሉ ነውና። ለቲክቶክ ተብሎ ቁም ቪዲዮ ከተፈለገ ጉዳዩ ይከብዳል። አግድም ከተነሣ ፎቶ ወርድ ከግማሽ በታች ብቻ ይቀራል፤ ያኔ መቁረጥ ሳይሆን ስልኩን አቁሞ እንደገና ማንሣት ነው መፍትሔው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። የሚራመድ ክሊፕ ቆይቶ ድርቅ ያለ ፎቶ ሲመጣ ቪዲዮው የተቋረጠ ይመስላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ቀስ ያለ ዙም ይጨመራል፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከመቶ ፐርሰንት ወደ 106 ገደማ ቢሄድ በቂ ነው። ዙም መሆኑ ከታወቀ በዝቷል ማለት ነው። አቅጣጫውም ከፊቱ ካለው ክሊፕ ጋር ይስማማ። ክሊፑ ወደ ፊት እየሄደ ከነበረ ፎቶውም ወደ ውስጥ ይግባ። አንዱን ወደ ውስጥ ቀጣዩን ወደ ውጭ ማድረግ ተመልካቹን ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሰዋል።

ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ክሊፕ እኩል በመቁረጥ ነው። እያንዳንዱ አራት ሰከንድ ከሆነ ሳሎንና ቆጣሪ እኩል ክብር ያገኛሉ። እኔ የተረጋጋ ፍጥነት የምለው ሌላ ነው፤ የቆይታው ርዝመት እንደ ክፍሉ ይለያያል፣ ግን በአንድ መለኪያ ይሰፈራል። ለዚህ ቤት የመረጥኩት ሙዚቃ በደቂቃ 80 ምት የሚመታ ነበር። አራት ምት ሦስት ሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ የሁሉም ነገር ርዝመት የሦስት ብዜት ሆነ። ፎቶና መሻገሪያ ሦስት ሰከንድ፣ ወጥ ቤትና ትንሹ መኝታ ስድስት፣ በሩ ተከፍቶ ሳሎኑ የሚታይበትና ትልቁ መኝታ ዘጠኝ ዘጠኝ። ቅያሬው ሁሉ ምቱ ላይ ስለሚወድቅ ተመልካቹ ሳያስበው ይከተላል። ከዚያ ዝቅ ሲል ዓይን የክፍሉን ጥግ ሳይደርስ ምስሉ ያልፋል፤ ከዘጠኝ ሲበልጥ ደግሞ ጣት ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ይሄዳል።

ከቆይታው ሌላ ካሜራው ራሱ የሚሄድበት ፍጥነት አለ። ልጁ ሳሎኑን ሲቀርጽ በዝግታ ተራምዷል፣ በረንዳው ላይ ግን ስልኩን ከግራ ወደ ቀኝ በጥድፊያ አዙሮታል። ለአዟዟር የቆየ የቀራጮች መመሪያ አለ፤ አንድ ነገር ከስክሪኑ አንድ ጠርዝ እስከ ሌላው ለመድረስ ሰባት ሰከንድ ያህል መፍጀት አለበት፤ ካልሆነ ምስሉ ይንገጫገጫል። የዚህ ልጅ አዟዟር ሦስት ሰከንድ ነበር። ቀስ ይበል ብዬ ፍጥነቱን በግማሽ ልቀንሰው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ስልኩ የቀረጸው በሰከንድ 30 ፍሬም ነው፤ በግማሽ ሲቀነስ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ጊዜ ይደገምና ይንተባተባል። በሰከንድ 60 ፍሬም ቢሆን ኖሮ ያለ ችግር ይቻል ነበር። ስለዚህ አዟዟሩን ጣልኩትና ልጁ በመጨረሻ ጃካራንዳዋ ላይ አቁሞ የቆየበትን ስድስት ሰከንድ ብቻ ወሰድኩ። ክሊፖች ሁሉ ሲጀምሩና ሲያልቁ የቀረጻውን ምልክት ለመጫን ጣት ሲነካቸው የሚንቀጠቀጡበት ግማሽ ሰከንድ ያህልም አለ። እሱን ከሁለቱም ጫፍ መቁረጥ ብቻውን ቪዲዮውን ያረጋጋዋል።

ቅያሬው ራሱ ተራ ቅያሬ ይሁን፤ አንዱ ምስል ያልቃል ሌላው ይጀምራል። ፕሮግራሞቹ የሚያቀርቧቸው የሚሽከረከሩና የሚበታተኑ ትራንዚሽኖች አቅጣጫ ያጠፋሉ፤ ተመልካቹ በስንት ጥረት የያዘውን ግራና ቀኝ ያስለቅቁታል። እኔ አንዱን ምስል በሌላው የማሟሟት ትራንዚሽን የተጠቀምኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከትልቁ መኝታ ወጥተን የሕንጻውን የውጭ ፎቶ ስናሳይ። እዚያ በእርግጥም ዘለናል፤ በእግር አልሄድንም።

ብርሃኑ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሳሎኑና ትልቁ መኝታ የተቀረጹት ጠዋት፣ ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ስትገባ ነው። ትንሹ መኝታ ግን ማታ፣ አምፖል በርቶ ተቀርጿል። ግድግዳው ቢጫ ሆኗል፣ ከዚያም በላይ ጥቋቁር ሰንበሮች ምስሉ ላይ እየወረዱ ያልፋሉ። የሰንበሩ ምክንያት ኤሌክትሪኩ ነው። በአገራችን መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ መቶ ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ ከዚህ ጋር አይገጥምም። በሰከንድ 25 ፍሬም ተደርጎ፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ቢሆን ይጠፋል። ከተቀረጸ በኋላ ግን ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው። ቀለሙን ማረም ይቻል ነበር፣ ሰንበሩን ግን አልቻልኩም፤ ልጁ በማግስቱ ጠዋት ያቺን ክፍል ብቻ ደግሞ ቀረጸልኝ። በአንድ ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ እየተፈራረቁ ከመጡ ተመልካቹ የተለያየ ቤት ያየ ይመስለዋል።

ይህን ችግር ቀድመው ያወቁ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም አይ ቲ፣ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአስፐን ከተማን ጎዳናዎች ተመልካች እየመረጠ በስክሪን እንዲጓዝባቸው አድርገው ቀረጹ። ካሜራ የተሸከመችው መኪና ሁልጊዜ በመንገዱ መሐል ትሄድ ነበር፤ ካሜራዎቹ በየ10 ጫማው፣ ማለትም በየሦስት ሜትሩ ገደማ፣ አንድ ምስል ያነሣሉ፤ ቀረጻውም ብርሃኑ እንዳይለያይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻ ይካሄድ ነበር። መሐል መንገዱን የያዙት መስቀለኛው ላይ ያለው መታጠፍ ከቀጥታው ጉዞ ጋር በትክክል እንዲገጥም ነው። ቤት የሚቀርጽ ሰውም ከዚህ የሚወስደው አለ። ስልኩን ደረቱ ላይ አንድ ከፍታ አስይዞ፣ በየበሩ መሐል ለመሐል ቢገባ ክሊፖቹ ሲቀጠሉ ተመልካቹ በአንድ ሰው ዓይን የሚያይ ይመስለዋል።

በመጨረሻ ድርድሩ እንዲህ ሆነ። የሕንጻው ክሊፕ ስድስት ሰከንድ፣ ደረጃና መተላለፊያው ሦስት፣ ቆጣሪው ሦስት። በሩ ይከፈታል፤ ሳሎኑ ዘጠኝ፣ ከዚያው አቅጣጫ የተነሣ የሳሎን ፎቶ ሦስት። በረንዳው ስድስት፣ ከበረንዳው ወደ ሳሎኑ መለስ ሲባል ስድስት። ወጥ ቤቱ ከሁለት ፎቶዎቹ ጋር አሥራ ሁለት። መሻገሪያው ሦስት፣ ኮሪደሩ ሦስት፣ ሻወሩ በሁለት ፎቶ ስድስት። ትንሹ መኝታ ስድስት፣ ትልቁ መኝታ ዘጠኝ፣ ቁም ሳጥኑ ሦስት። መዝጊያው የሕንጻው ፎቶ ነው፣ ስፋቱና ስልክ ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ስድስት ሰከንድ። በድምሩ 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ። የትልቁ መኝታ ክሊፕ የሚያልቀው መስኮቱ ላይ፣ ጃካራንዳዋ በምትታይበት ነው። በረንዳው ላይ ያያት ሰው እዚህ ሲደግማት ክፍሉ ከሳሎኑ ጋር በአንድ በኩል መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ቤቱን ረግጣው ለማታውቅ ጎረቤቴ ድምፁን አጥፍቼ አንድ ጊዜ ብቻ አሳየኋትና ወረቀት ሰጠኋት። ድምፁ የሚጠፋው ተናጋሪ «አሁን በቀኝ በኩል» እያለ እንዳያግዛት ነው፤ ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያየው ድምፅ ዘግቶ ነውና። ሳሎኑን፣ በረንዳውን፣ ወጥ ቤቱን በትክክል ሳለች። ሻወሩን ግን በኮሪደሩ ግራ አደረገችው።

እንዲህ ያለ ስሕተት የት እንደተሠራ ይናገራል። ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ ከሁለቱ የሻወር ፎቶዎች ቀድሞ የገባው ከውስጥ ወደ በሩ የተነሣው ነበር። ኮሪደሩ በበሩ በኩል ስለሚታይ ፎቶው ከኮሪደሩ ማዶ የተነሣ መስሏታል። ፎቶዎቹን አቀያየርኳቸው፤ ከደጃፉ የተነሣው መጀመሪያ ሆነ። የኮሪደሩንም ክሊፕ ከሦስት ወደ ስድስት ሰከንድ አስረዘምኩት፤ የሻወሩ በር በቀኝ በኩል እስኪታይ ድረስ። ሁለት ሳሎን የሚስል ሰው ቢገጥማችሁ ችግሩ የተገለበጠ ዕይታ ነው። አንድን ክፍል ጭራሽ ከረሳው ክሊፑ አጥሯል ወይም መሻገሪያው ጠፍቷል። ክፍሎቹን በትክክለኛ ቅደም ተከተል ስሎ የት እንደሚገናኙ ካላወቀ በሮቹ አልታዩም።

የተስተካከለውን፣ አሁን 1 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ የሆነውን፣ ለሌላ ሰው አሳየሁ። ክፍሎቹን ሁሉ በቦታቸው አስቀመጠ፤ ነገር ግን ትንሹን መኝታ ቤት ከትልቁ እኩል አድርጎ ሳለው። ልጁ ያቺን ክፍል በድጋሚ ሲቀርጽ ሁሉም እንዲታይለት ብሎ ስልኩን 0.5 በሚለው ሰፊ ሌንስ ላይ አድርጎት ኖሯል። ሌሎቹ ክፍሎች ግን በተለመደው 1 ነው የተቀረጹት። ሰፊው ሌንስ ግድግዳውን ገፍቶ ያርቃል፤ ቤቱ በሙሉ በእሱ ቢቀረጽ ቢያንስ የክፍሎቹ ንጽጽር ይጠበቅ ነበር። ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ከበሩ ላይ ቆሞ በ1 ቀረጸው። በየክፍሉ ክሊፕ ጥግ ላይም ርዝመቱንና ወርዱን በሜትር ጻፍንበት።